ግማሽ ኪኒን ለልጅ፦ መቼ ይሆናል? መቼ አይሆንም?



በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ሁልጊዜ ይመላለሳል። "ዶክተር፣ ቤት ውስጥ ያለው የትልቅ ሰው ኪኒን ነው፤ ለልጄ ግማሹን ብሰጠው ችግር አለው?" የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ማታ 4 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ሽሮፑ አልቋል፣ ፋርማሲው ተዘግቷል፣ ልጁ ደግሞ እያተኮሰው ነው።

ብዙ ባለሙያዎች ለዚህ ጥያቄ "በፍጹም አይቻልም" ብለው መልሰው ያልፋሉ። እኔ በዚህ መልስ አልስማማም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እኛው ራሳችን በየቀኑ በማዘዣ ወረቀት ላይ "ግማሽ ኪኒን" እያልን እንጽፋለን። ለሕፃናት ተብሎ የተዘጋጀ መድኃኒት ሁሌም አይገኝም፣ ሲገኝም ዋጋው ሁሉም ቤት የሚችለው አይደለም። ስለዚህ ኪኒን መክፈል በሀገራችን ያለ ነገር ነው። ችግሩ መክፈሉ ሳይሆን የትኛውን፣ ለስንት ኪሎ ልጅ፣ እንዴት አድርገን እንደምንከፍል ሳንነግር ወላጁን ወደ ቤት መላካችን ነው። ይህን የምለው በሌላ ሰው ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም። የራሴን ልንገራችሁ።

ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት አንዲት እናት የ4 ዓመት ልጇን ይዛ ለክትትል መጣች። ልጅቷ የሚጥል በሽታ ነበረባት፤ ክብደቷ 15 ኪሎ ነው። ፌኖባርቢታል የሚባለውን መድኃኒት፣ ባለ 30 ሚሊ ግራሙን፣ ማታ ማታ ሁለት ሁለት እየወሰደች ለወራት አንድም ጊዜ ሳይጥላት ቆይታለች። በዚያ ቀን ባለ 30ው አልነበረም፤ የነበረው ባለ 100 ነው። እኔም ብዙ ሳላስብ "ባለ 100ውን ግማሽ፣ ማታ ማታ" ብዬ ጻፍኩ። ሃምሳ ሚሊ ግራም ለ15 ኪሎ ልጅ ትክክለኛ መጠን ነው፤ ሒሳቡ ላይ ስህተት የለም።

እናትየው ቤት ሄዳ የመጀመሪያውን ኪኒን በቢላ ስትቆርጠው ተፈረካከሰ። አንዱ ቁራጭ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ፣ የተረፈው ዱቄት ሆነ። ጎበዝ ሴት ናትና መላ ዘየደች። አምስት ኪኒን አድቅቃ ባዶ የሽሮፕ ብልቃጥ ውስጥ ጨመረች፤ አሥር የሻይ ማንኪያ ውሃ ለካችበት። አምስት ኪኒን ለአሥር ማታ፣ በየማታው አንድ የሻይ ማንኪያ። እኔም ብሆን በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ሒሳብ አልሠራም ነበር።

በስድስተኛው ቀን ልጅቷን ጣላት። እናትየው ደንግጣ መድኃኒቱን በትጋት ቀጠለችበት። የመጨረሻዎቹ ማታዎች ላይ ብልቃጡ ሥር ነጭ ዝቃጭ ቀርቶ አየች፤ እንዳይባክን ብላ በትንሽ ውሃ አለቅልቃ ሰጠቻት። በማግስቱ ልጅቷ እስከ ቀትር ድረስ ልትነቃ አልቻለችም። ተሸክማት ስትመጣ ሰውነቷ ልፍስፍስ ብሏል፣ ስንጠራት ዓይኗን በግድ ትከፍትና መልሳ ትተኛለች። አተነፋፈሷን እየተከታተልን ሁለት ሌሊት አስተኛናት። ደግነቱ በሰላም ነቃች።

ምን ተፈጠረ? ፌኖባርቢታል በውሃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ። አሥር የሻይ ማንኪያ ውሃ ማለት 50 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ ከ500 ሚሊ ግራሙ መሟሟት የሚችለው 50 ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው እንደ ቡና አተላ ሥር ዘቀጠ። ልጅቷ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጠጣችው ከውሃ ብዙም ያልተለየ ነገር ነው፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ደግሞ የሳምንቱን መድኃኒት ባንድ ላይ ወሰደች። ያንኑ ብልቃጥ ይዛ፣ አንዴ መድኃኒት አጥታ ጣላት፣ አንዴ መድኃኒት በዝቶባት ራሷን ሳተች።

እናትየውን "ለምን እንዲህ አደረግሽ?" ስላት የመለሰችልኝን እስካሁን አልረሳውም። "ዶክተር፣ እርስዎ ግማሽ አሉኝ እንጂ እንዴት እንደምከፍለው መቼ አሳዩኝ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የያዝኩት አንድ ሕግ አለ፤ ለእናንተም በመጀመሪያ እሱን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ክፈሉ፣ ከዚያ አድቅቁ፣ ያደቀቃችሁትን ሁሉንም ስጡ። ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ። ኪኒኑን ሙሉ በሙሉ አድቅቆ ዱቄቱን በዓይን ግምት መክፈል፣ ወይም በውሃ በጥብጦ ከውሃው ላይ ለክቶ መስጠት፣ አንዱን ቀን ያሳንሳል ሌላውን ቀን ያበዛል። የተቆረጠው ቁራጭ ግን ትንሽ ቢያንስ ወይም ቢበዛ ልዩነቱ የሚታይና የተወሰነ ነው፤ ያንን ቁራጭ አድቅቃችሁ እስከ መጨረሻው ካጠጣችሁት ምን ያህል እንደሰጣችሁ ታውቃላችሁ።

አከፋፈሉ እንዲህ ነው። መሃሉ ላይ መስመር ያለውን ኪኒን በደረቅ እጅ ያዙና በመስመሩ ላይ ሰብሩት። ካልተሰበረ ፋርማሲ የሚሸጥ የኪኒን መቁረጫ አለ፤ የወጥ ቤት ቢላ ግን ያፈረካክሰዋል። የሚከፈለው ለሁለት ብቻ ነው። ግማሹን በሁለት ንጹሕ ማንኪያዎች መካከል አድርጋችሁ አድቅቁት። ሙቀጫ አትጠቀሙ፤ ለትንሽ ቁራጭ ሙቀጫ ትልቅ ነው፣ ዱቄቱ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ባለፈው የተወቀጠው በርበሬም አብሮ ይገባል። ከዚያ እዚያው ማንኪያው ላይ ጥቂት የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ጨምራችሁ አጠጡት፤ ማንኪያውን በሌላ ጥቂት ውሃ አለቅልቃችሁ ያንንም ስጡት። መራራ ከሆነ ትንሽ ማር ይቻላል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ጡጦ ሙሉ ወተት ውስጥ አትጨምሩት። ልጁ ግማሹን ጠጥቶ ከተወው ምን ያህል እንደወሰደ ማንም አያውቅም፤ ጣዕሙ ካስጠላው ደግሞ በማግስቱ ወተቱንም እምቢ ይላል። የተረፈው ግማሽ ኪኒን ወደ ስትሪፑ ተመልሶ ደረቅ ቦታ ይቀመጥና ለሚቀጥለው ሰዓት ይሁን።

አሁን ወደዚያ የማታ 4 ሰዓት ጥያቄ እንመለስ። ቤት ያለው ተራው ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ነው እንበል። ፓራሲታሞል ለልጅ የሚሰላው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው፤ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም በአንድ ጊዜ፣ ቢያንስ በ6 ሰዓት ልዩነት፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ግማሽ ኪኒን 250 ሚሊ ግራም ነው። ይህ የሚስማማው ክብደቱ ከ17 እስከ 25 ኪሎ ለሆነ ልጅ ነው፤ በግምት አፀደ ሕፃናት የጨረሰ ወይም አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ማለት ነው። ለ20 ኪሎ ልጅ ግማሽ ኪኒን ብትሰጡ እኔ ምንም ቅሬታ የለኝም፤ ሽሮፕ ፍለጋ በሌሊት መውጣትም አያስፈልጋችሁም።

የ2 ዓመት ልጅ፣ 11 ኪሎ የሚመዝን ከሆነስ? የሚያስፈልገው ከ110 እስከ 165 ሚሊ ግራም ነው። ግማሽ ኪኒን ከሰጣችሁት ከ22 ሚሊ ግራም በላይ በኪሎ ይሆናል። አንድ ጊዜ በስህተት ቢሆን ብዙ ላያስፈራ ይችላል፤ በቀን አራት ጊዜ፣ ለሦስትና ለአራት ቀን ሲደጋገም ግን ጉበት የሚጎዳበት መጠን ውስጥ ይገባል፤ በተለይ ምግብ አልበላ ብሎ፣ እያስመለሰው ለሰነበተ ልጅ። ሩብ ኪኒን 125 ሚሊ ግራም ስለሆነ በሒሳብ ልክ ይመጣል። ነገር ግን ኪኒኑ ላይ ያለው መስመር አንድ ነው፤ ግማሹን እንደገና ስትሰብሩት ሁለት እኩል ሩብ አይወጣም። ለአንድ ሌሊት፣ ሌላ አማራጭ ከሌለ፣ እሺ። ጠዋት ግን ሽሮፕ ግዙ። በሀገራችን የተለመደው ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ወይም 125 ሚሊ ግራም ነው፤ ስለዚህ ለዚህ ልጅ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል፣ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ተለክቶ። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን ካተኮሰው ደግሞ የመክፈል ጥያቄው ራሱ አይነሳም፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ተራ ኪኒን ነው። ተራ ያልሆነው ነው የሚያስፈራኝ።

ከውጭ ዘመድ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ የመድኃኒት ዕቃ አይጠፋም። ከአሜሪካ የሚመጣው የሕመም ማስታገሻ ላይ አሲታሚኖፈን የሚል ታያላችሁ፤ ይህ ራሱ ፓራሲታሞል ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የተለየው። ብዙ ቤት "ይሄ የአሜሪካ ነው፣ ያ ደግሞ ፓራሲታሞል" ተብሎ ሁለቱም ለአንድ ልጅ ይሰጣል። ከዚህ ሌላ፣ ከእነዚህ ኪኒኖች መካከል ለ8 ሰዓት ይሠራሉ የሚባሉ፣ መድኃኒታቸውን ቀስ እያሉ እንዲለቁ ተደርገው የተሠሩ አሉ። ኪኒኑ ውስጥ የታጨቀው የበርካታ ሰዓት መድኃኒት ነው። ስታደቁት ቀስ እያለ እንዲለቅ የሚያደርገውን ነገር አፈረሳችሁት ማለት ነው፤ ለሰዓታት ተከፋፍሎ ሊገባ የነበረው ባንድ ጊዜ ይገባል። የደም ግፊት፣ የልብ፣ የሚጥል በሽታና የጠንካራ ሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች ውስጥ እንዲህ ያሉ ብዙ ናቸው። ስማቸው ጫፍ ላይ ኤስ አር፣ ኤክስ አር፣ ኢ አር፣ ሲ አር ወይም ሪታርድ የሚል ጽሑፍ አለ። ይህን ጽሑፍ ካያችሁ አታድቅቁ። አንዳንዶቹ መሃላቸው ላይ መስመር ስላላቸው ሰው ይሳሳታል፤ ለሁለት መስበር የሚፈቀድባቸው አሉ፣ ማድቀቅ ግን አይፈቀድም። የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ፋርማሲስት እንጂ መስመሩ አይደለም።

ሁለተኛው ዓይነት ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ ለስላሳ ሽፋን የተደረገለት ነው። ዳይክሎፌናክ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሽፋኑ ውበት አይደለም፤ ወይ መድኃኒቱን ከጨጓራ አሲድ ይጠብቀዋል፣ ወይ ጨጓራውን ከመድኃኒቱ ይጠብቀዋል። ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን በጣት ለሁለት መክፈልም ያው የዱቄት ክፍያ ነው፤ ከላይ የነገርኳችሁ ብልቃጥ ውስጥ ሆነም ወረቀት ላይ ሆነ ግምት ግምት ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢከፈል ለልጅ የማይሰጥ መድኃኒት ነው። እዚህ ላይ "ትንሽ ከሆነ ምን ያደርጋል" የሚባል ነገር አይሠራም። ትራማዶል ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ከ2017 ጀምሮ ኮዴይንንም ጨምሮ በግልጽ ከልክሎታል፤ ምክንያቱም አንዳንድ ልጆች ሰውነታቸው መድኃኒቱን ወደ ኃይለኛው መልኩ ቶሎ ስለሚለውጠው መተንፈስ ሊያቆሙ ይችላሉ። አስፕሪንም ለሚያተኩሰው ልጅ አይሆንም። የአያት የስኳር ኪኒን፣ ግሊቤንክላሚድ፣ አንዷ ፍሬ እንኳ የሕፃንን ስኳር አደገኛ ደረጃ ድረስ ታወርዳለች፤ ይህን የማነሳው ሆን ብሎ የሚሰጥ ሰው ስላለ ሳይሆን፣ የራሳችሁን ኪኒን የቆረጣችሁበት ጠረጴዛ ላይ የወደቀች ግማሽ ፍሬ መሬት የሚዳህ ልጅ እጅ ስለምትገባ ነው።

የጉንፋን ኪኒኖችንም እዚሁ ላይ ልጨምር። አንዱ ፍሬ ውስጥ ፓራሲታሞል፣ የሚያስተኛ የአለርጂ መድኃኒትና አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት አብረው አሉ። ስትከፍሉት ሦስቱንም ነው የምትከፍሉት፤ ፓራሲታሞሉ ለልጁ ልክ ቢመጣ እንኳ ሌሎቹ ልክ አይመጡም። ለትንንሽ ልጆች ጉንፋን ደግሞ እነዚያ ሁለቱ ጥቅም የላቸውም።

"ታዲያ ሽሮፕ ብቻ ይሻላል ማለት ነው?" ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። እንዲያውም እኔ ከሽሮፕ ይልቅ በውሃ የሚሟሟውን የሕፃናት ኪኒን እመርጣለሁ። ፍሪጅ አይፈልግም፣ ጠርሙሱ አይሰበርም፣ በማንኪያ ልክ አይምታታም። የዓለም ጤና ድርጅትም ለሕፃናት በዚህ መልክ የሚዘጋጁ መድኃኒቶችን ያበረታታል። ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ ላይ ለሳንባ ምች የሚሰጠው ባለ 250 ሚሊ ግራም የሚሟሟ አሞክሳሲሊን እንዲህ ያለ ነው፤ ለተቅማጥ የሚሰጠው ባለ 20 ሚሊ ግራም ዚንክም እንደዚሁ። ዚንኩ ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃን ግማሽ፣ ከዚያ በላይ ላለው ሙሉ፣ በቀን አንድ ጊዜ ይሰጣል። እዚህ ላይ ግማሹ አስቀድሞ የታሰበበት ግማሽ ነው። መስመሩ ላይ ትሰብሩታላችሁ፤ በማንኪያ ላይ በታለበ የእናት ጡት ወተት ወይም በንጹሕ ውሃ ታሟሙታላችሁ፤ ሁሉንም ትሰጡታላችሁ። ተቅማጡ ቢቆምም ለታዘዘው ቀን ሁሉ ይቀጥላል።

አሁን ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ልበል። "ግማሽ" ብለን ስንጽፍ ሥራችን አላለቀም። ልጁን መመዘን፣ ኪኒኑ የሚከፈል ዓይነት መሆኑን ማረጋገጥ፣ የመጀመሪያውን ፍሬ እናትየው ፊት መስበር፣ ከዚያ እሷ እንድትሰብረው ማድረግ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ወረፋው ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም እዚያው ወረፋ ፊት ነው የምቀመጠው። ፋርማሲስቶችም ከዚህ አታመልጡም፤ መድኃኒቱን የምታስረክቡት እናንተ ናችሁ። ወላጅም ማዘዣው ላይ ግማሽ የሚል ካየ "እባክዎ አንዱን እዚህ ከፍለው ያሳዩኝ" ማለት ነውር አይደለም። ኪኒኑ እዚያው ከተፈረካከሰ ሌላ ዓይነት፣ ሌላ መጠን ወይም ሽሮፕ ይፈለጋል ማለት ነው፤ ቤት ገብታችሁ ከማወቅ እዚያ ማወቅ ይሻላል።

ከሰጣችሁ በኋላ ልጁ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ ከያዘው፣ ሲጠራ የማይነቃ ከሆነ፣ አተነፋፈሱ ከቀዘቀዘ፣ ሰውነቱ ከዛለ ወይም ካላበው፣ ስትሪፑን በእጃችሁ ይዛችሁ ሩጡ። እንዲያስመልሰው ብላችሁ ወተት ወይም ዘይት አታጠጡት፣ ጣትም አትክተቱ። ፓራሲታሞል እንደበዛበት ካወቃችሁ ደግሞ ልጁ ደህና መስሎ ቢጫወት እንኳ አትጠብቁ። የጉበት ጉዳቱ የሚታየው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ማርከሻው በደንብ የሚሠራው ግን በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው።

ያቺ ልጅ ባለ 30ው መድኃኒት ሲገኝ ወደ እሱ ተመለሰች። እስከዚያው ግን በባለ 100ው ግማሽ ነው የቆየችው፤ እናትየው ፋርማሲ ቤት በገዛችው መቁረጫ እየቆረጠች፣ ቁራጩን በሁለት ማንኪያ እያደቀቀች፣ በየማታው ለየብቻው። ብልቃጡን እኔ ወሰድኩት፤ ለአዳዲስ ሐኪሞች ሳስተምር ለረጅም ጊዜ ሥሩ ላይ የደረቀውን ነጭ ነገር አሳይበት ነበር።

ጥያቄ ያላችሁ የልጁን ክብደት፣ የመድኃኒቱን ስምና ስትሪፑ ላይ ያለውን ሚሊ ግራም አብራችሁ ጻፉልኝ፤ "ነጯ ኪኒን" ካላችሁኝ መመለስ አልችልም። ልጁ እምቢ ብሎ ከተኛ ግን አትጻፉልኝ፣ ይዛችሁት ሂዱ።